ባለቤቱ ሲሠራ፣ ገንዘቡም ሲሠራ

በአጋሮ የግብር ማሳወቂያ ጊዜና የቡና ለቀማ ይገናኛሉ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ግብሩን ያሳውቃል። ጥቅምት ደግሞ እሸት ቡና ከየቀበሌው ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች መጉረፍ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የሒሳብ ሥራ ስሠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ አለ። ቡና መቀሸሪያውን ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ስም ያስመዘገበ ነጋዴ ይመጣና፣ «ለራሴ ደመወዝ ልቁረጥ ወይስ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ልከፋፈል? የትኛው ይሻለኛል?» ይላል።

ጥያቄው ትልቅ የሆነው የግብር ሕጋችን ገቢን እንደ ምንጩ ስለሚለያይ ነው። ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ትርፍ በሠንጠረዥ «ሐ»፣ የአክሲዮን ትርፍ ድርሻና የባንክ ወለድ በሠንጠረዥ «መ» ይታያሉ። ለማነጻጸር እንዲመች፣ ከዚህ በታች የማሰላው በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በ2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው ተመን ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የ35 በመቶው ጣሪያ ግን አልተነካም።

ባለ መቀሸሪያው በወር 20,000 ብር ደመወዝ ቢቆርጥ ግብሩ 5,500 ብር ነው። በዓመት 240,000 ብር ያገኛል፣ 66,000 ብር ይከፍላል። ደመወዙ ለማኅበሩ ወጪ ስለሆነ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። ያንኑ 240,000 ብር በትርፍ መልክ ልውሰድ ቢል፣ ማኅበሩ መጀመሪያ 30 በመቶ፣ ማለትም 72,000 ብር ይከፍላል። ከቀረው 168,000 ብር ላይ በትርፍ ድርሻ 10 በመቶ፣ ማለትም 16,800 ብር ይታሰባል። ድምሩ 88,800 ብር ወይም 37 በመቶ ነው። ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው፦ ለሠራኸው ሥራ ተገቢውን ደመወዝ ቁረጥ።

የደመወዝተኛው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔ 35 እየከፈልኩ ባለ አክሲዮኑ 10 ብቻ ይከፍላል» ይባላል። አሥሩ ግን ከሠላሳው በኋላ የሚመጣ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከደመወዝ ጣሪያው በሁለት ነጥብ ይበልጣሉ። የሁለቱ መቀራረብ ጥሩ ነገር ነው፤ ሥራውን ትርፍ ብሎ በመሰየም ብቻ ከግብር የሚያመልጥ እንዳይኖር ያደርጋል።

ታዲያ ካፒታል ለምን በደመወዝ ሚዛን እንዳለ አይመዘንም? ትልቁ ምክንያት የዋጋ ንረት ነው። አንድ መምህር ከደመወዙ ላይ ግብር ከፍሎ፣ ከቀረው ቆጥቦ 100,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ አስቀመጠ እንበል። በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ያገኛል። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ከናረ (ባለፉት ዓመታት ከዚያም በላይ አይተናል)፣ በዓመቱ መጀመሪያ 100,000 ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 120,000 ብር ያስፈልገዋል። በእጁ ያለው 107,000 ነው። በወረቀት አተረፈ፣ በእውነቱ ከሰረ። በሠንጠረዥ «መ» የቁጠባ ወለድ 5 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር ይቀነስበታል። ወለዱ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ በ35 በመቶ ቢታሰብ ግን 2,450 ብር ይወሰድበት ነበር። ደመወዝ እንዲህ ዓይነት ችግር የለበትም። የዚህ ወር ደመወዝ በዚህ ወር ዋጋ የሚከፈል ነው፤ በዓመታት መካከል የሚበላ ዋና ገንዘብ የለውም።

የኖርዲክ አገሮች ሁለት ዓይነት ሥርዓት የመረጡት በዚህና በመሰል ምክንያት ነው። ስዊድን በ1991፣ ኖርዌይ በ1992፣ ፊንላንድ በ1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የካፒታልን ገቢ ሁሉ ለይተው በአንድ ወጥ ተመን አስቀመጡት። ስዊድን 30፣ ኖርዌይ 28፣ ፊንላንድ 25 በመቶ ወሰኑ። የሥራ ገቢ ግን ከፍ ባለ ቁጥር ተመኑም ከፍ እያለ የሚሄድበትን መንገድ እንደያዘ ቀረ።

የእኛ ሕግ ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው በመለያየቱ ብቻ ነው። የእነርሱ የካፒታል ተመን አንድ ነው፤ የእኛ ግን ለቁጠባ ወለድ 5፣ ለትርፍ ድርሻ 10፣ ሕንፃ ሲሸጥ ከሚገኘው ጥቅም 15፣ አክሲዮን ሲሸጥ ከሚገኘው 30 በመቶ ነበር። የግለሰብ ኪራይ ደግሞ እንደ ደመወዝ እስከ 35 በመቶ በሚወጣ መሰላል ላይ ተቀመጠ። ከዚህ የሚመጣውን ክፍተት በቁጥር ልግለጸው። በወር 20,000 ብር ደመወዝ ብቻ ያለው ሰው 5,500 ብር ይከፍላል። 10,000 ብር ደመወዝና 10,000 ብር ግብር የሚከፈልበት የኪራይ ገቢ ያለው ሰው ግን በየሠንጠረዡ 2,045፣ በድምሩ 4,090 ብር ይከፍላል። ሁለቱም ሠንጠረዦች ለየብቻ ስለሚሰሉ ነፃውንና ዝቅተኛውን እርከን ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። በእውነተኛው ሁለት ዓይነት ሥርዓት ይህ አይሆንም፤ የካፒታል ተመን ከመጀመሪያዋ ብር ይጀምራል፣ እርከን የለውም።

የአጋሮን ነጋዴ ይበልጥ የሚነካው ግን ማኅበር ያላቋቋመው፣ በራሱ ስም የሚነግደው ሰው ጉዳይ ነው። በድምሩ 2,000,000 ብር የሚያወጡ መቀሸሪያ፣ መኪናና መጋዘን አሉት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ ይመዝናል፣ ይገዛል፣ ይጭናል። በዓመት 600,000 ብር አተረፈ እንበል። ሕጉ ሙሉውን በአንድ መሰላል አስልቶ 192,000 ብር ያስከፍለዋል። ነገር ግን ከዚህ ትርፍ ውስጥ የመኪናው፣ የማሽኑና የመጋዘኑ ድርሻ አለ፤ የእሱም ላብ ድርሻ አለ። ለካፒታሉ 10 በመቶ ተመላሽ ብንመድብ 200,000 ብር የካፒታል፣ 400,000 ብር የሥራ ይሆናል። የሥራው በነበረው መሰላል 122,000፣ የካፒታሉ በ25 በመቶ ቢታሰብ 50,000፣ ድምሩ 172,000 ብር ነው። ማሽን የገዛው ሰው በመግዛቱ አይቀጣም፣ ላቡም እንደ ደመወዝተኛው ላብ ይታያል።

ይህ አከፋፈል አደጋ አለው፣ ኖርዌይም አይታዋለች። በ1992ቱ ሕግ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራና ሁለት ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻ የያዘ ባለቤት ትርፉ በሥራና በካፒታል ገቢ እንዲከፋፈል ተደረገ። ባለቤቶች ጥቂት ድርሻ ለሌላ ሰው እያስተላለፉ ከገደቡ በታች ወረዱ። በ2006 አገሪቱ ያንን ትታ፣ ከተለመደው ተመላሽ በላይ የሆነውን የትርፍ ድርሻ በባለ አክሲዮኑ ላይ ማስከፈል ጀመረች። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ የካፒታል ተመን ከሥራው ጣሪያ በጣም ከራቀ ሰው ስም ይቀያይራል። የማኅበሩና የትርፍ ድርሻው ድምር ግብር ከደመወዝ ጣሪያ ጋር መቀራረቡ በወረቀት ላይ ከሚጻፍ ክልከላ ይበልጥ ይጠብቃል።

እኔ የምደግፈው ሥርዓት ሦስት ነገር ያሟላል። አንደኛ፣ ወለድ፣ ኪራይና የትርፍ ድርሻ እርከን በሌለው አንድ ተመን ግብር ይከፈልባቸው። ሁለተኛ፣ የማኅበርና የትርፍ ድርሻ ድምር ከ35 በመቶ አካባቢ አይራቅ። ሦስተኛ፣ በራሱ ስም የሚነግድ ሰው ንብረቱን መዝግቦ ካቀረበ የካፒታሉ ድርሻ ተለይቶ ይታይለት። ሦስተኛው ያለ መዝገብ አይሠራም። ስለዚህ የመጨረሻው ቃሌ ለነጋዴዎቻችን ነው፦ መቀሸሪያውን፣ መኪናውንና መጋዘኑን በገዛችሁበት ዋጋና ቀን፣ ደረሰኙን አያይዛችሁ ዛሬውኑ መዝግቡ። ሕጉ ላብንና ጥሪትን ለይቶ ለማየት በሚወስንበት ቀን፣ ማስረጃው በእጁ የሌለ ነጋዴ ልዩነቱን ማሳየት አይችልም።