«ጎበዝ ናት» የማይበቃበት ደብዳቤ

አንዲት ጠቅላላ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በውስጥ ደዌ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ስታመለክት፣ ኢራስ በተባለው የማመልከቻ ሥርዓት ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 የድጋፍ ደብዳቤ ማያያዝ ትችላለች። ደብዳቤው በእጇ አይገባም፤ የጻፈላት ሲኒየር ሐኪም በኢንተርኔት ያስገባዋል። እሷም ደብዳቤውን የማየት መብቷን መተዋን አስቀድማ ማረጋገጥ ትችላለች። እንዲህ ሲሆን መራጮች ጸሐፊው ያለ ይሉኝታ እንደጻፈ ያምናሉ።

ደካማ ደብዳቤ በቅጽል ብዛት ይታወቃል። «ታታሪ፣ ትሑትና ጎበዝ ናት» የሚለው፣ ስሟ ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ቢገባበትም ያው ነው። ጠንካራው ግን ጸሐፊው የት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳያት ይናገርና አንድ ሌሊት ያሳያል። ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ወር በዋርዴ ሠርታለች። ተረኛ በነበረችበት ሌሊት የሳንባ ምች ተብሎ የተኛ ታካሚ አንድ እግሩ ብቻ ማበጡን አስተዋለች። የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ይሆናል ብላ ደወለችልኝ። ምርመራው ጥርጣሬዋን አረጋገጠ።» እዚህ ውስጥ «ጎበዝ» የሚል ቃል የለም፤ ግን ትኩረቷም፣ ዕውቀቷም፣ በጊዜ ሰው መጥራቷም ይታያል።

ሌላው ወጥመድ «ጽፈሽ አምጪና ልፈርም» የሚባለው ነው። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ደብዳቤዎቿ በአንድ አንደበት ይናገራሉ፤ መራጩም ይነቃል። የሚሻለው የሥራ ታሪኳንና አብረው ያከሟቸውን ታካሚዎች ያለ ስም በአጭሩ አስታውሳው፣ ብዕሩን ለእሱ መተው ነው።