ስልኩ ኪቦርድ ሲሆን፦ አስተርጓሚ የማያሻው አባባ

ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት አለፈው። ቀኝ እጁ እስከ ዛሬ አልታዘዘውም፤ ንግግሩም ይጎተታል፣ ቃላቱ እርስ በርስ ይጣበቁበታል። እኔ ነርስ ሆኜ ብዙ ዘመን ስለሠራሁና አብሬውም ስለምውል ከአሥር ቃል ሰባት ስምንቱን እይዛለሁ። ሌላ ሰው ግን ሁለቱን ቢይዝ ነው።

እሑድ ማታ አሜሪካ ያለችው ልጃችን ትደውላለች። ላፕቶፑን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተን፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ የልጅ ልጆቹን በትልቁ ያያቸዋል። እነሱ ይጠይቁታል፣ እሱ ይመልሳል፣ እኔ «እንዲህ እያለ ነው» እላለሁ። አንድ እሑድ ትልቋ የልጅ ልጃችን ስለ ትምህርት ቤት ምርቃቷ ስትነግረው ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። እኔም «እመጣለሁ እያለ ነው» ብዬ አስተረጎምኩ። በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ ሁለት ጊዜ መታው። ደግሞ ቢለውም አልገባኝም። ከዚያ በኋላ እሑድ ማታ ሲደርስ «ደክሞኛል» እያለ ቀድሞ ይተኛ ጀመር።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤታችን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «እትዬ፣ ጋሼ በግራ እጃቸው ስልክ ይነካካሉ አይደል? ታዲያ ስልካቸው ለምን የኮምፒውተሩ ኪቦርድ አይሆንም?» አለኝ። ኪቦርድ የሚገዛ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ስልክ በብሉቱዝ ተገናኝቶ ለኮምፒውተር ኪቦርድም፣ ማውስም፣ የቴሌቪዥን ዓይነት ሪሞትም መሆን እንደሚችል አሳየን።

«በስልኩ መልእክት ቢጽፍላቸውስ?» ብዬ ነበር። ነገር ግን ጥሪው ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ልጆቹም የሚያዩት እዚያው ነው። በስልክ የተላከ መልእክት ጨዋታው ካለፈ በኋላ ይነበባል። ስልኩ ኪቦርድ ሲሆን ግን የጻፈው እዚያው ጥሪው መስኮት ውስጥ ይወጣል። እሱም የጻፈውን በጠባቧ የስልክ መስታወት ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ላይ በትልቁ ያነባል። በዚያ ላይ ብሉቱዝ በስልኩና በላፕቶፑ መካከል በቀጥታ ስለሚሠራ ኢንተርኔት ቢጠፋም በቤት ውስጥ መጻፉ አይቋረጥም፤ ዳታም አይበላም።

መጀመሪያ ስልኩን መርምሩ

የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ፤ የባለቤቴ ስልክ አሮጌ ነበር። አንድሮይድ ስልክ ራሱን ለኮምፒውተር «እኔ ኪቦርድ ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅ የቻለው ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ነው። የስልካችሁን ለማወቅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ About phone የሚለውን፣ ቀጥሎ Android version የሚለውን ተመልከቱ። ቁጥሩ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተስፋ አለ። ተስፋ ያልኩት አንዳንድ ስልክ ቁጥሩ አዲስ ሆኖም ይህ አገልግሎት ከፋብሪካው ተዘግቶ ስለሚመጣ ነው። አይፎን ደግሞ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ለአይፎን የተሠሩት መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩም ላይ ረዳት ፕሮግራም እንዲጫንና ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። እኛ የእኔን ስልክ ለእሱ ሰጥተን የእሱን እኔ ወሰድኩ።

ኮምፒውተሩም ብሉቱዝ ሊኖረው ይገባል። ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አለው። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሌለው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ይገዛለታል።

ማገናኘቱ፣ የተሳሳትነውም

ስልኩ ላይ Bluetooth Keyboard & Mouse የሚባለውን መተግበሪያ ጫንን። ከዚያ እኔ ቸኩዬ ስልኩንና ላፕቶፑን እንደ ልማዴ፣ ፎቶ እንደምልክበት አድርጌ አገናኘኋቸው። ላፕቶፑ ስልኩን አወቀው፤ ስሙም ዝርዝሩ ላይ ታየ፤ ፊደል ብነካ ግን ምንም የለም። ምክንያቱ ላፕቶፑ የመዘገበው «ስልክ» ብሎ እንጂ «ኪቦርድ» ብሎ አለመሆኑ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሁለቱንም አስረሳቸው፤ ላፕቶፑ ላይ Remove device፣ ስልኩ ላይ Forget በማለት። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በቅድሚያ ስልኩ ላይ መተግበሪያው ይከፈትና ክፍት እንደሆነ ይቆያል። ቀጥሎ ዊንዶውስ 11 ባለው ላፕቶፕ ሴቲንግ ውስጥ Bluetooth & devices፣ ከዚያ Add device፣ ከዚያ Bluetooth ይነካል። የስልኩ ስም ሲወጣ ይመረጣል። በሁለቱም መስታወት ላይ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ብቻ በሁለቱም በኩል እሺ ይባላል። እኛ ይህን ስናደርግ ባለቤቴ ጣቱን ስልኩ ላይ ሲያንሸራትት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው ቀስት ተንቀሳቀሰች። ያን ቀን ለብዙ ደቂቃ ቀስቷን ከጥግ እስከ ጥግ ሲያመላልሳት ዋለ።

ቀስቷ ከተንቀሳቀሰች በኋላ አንድ ነገር ፈትሹ፤ @ የሚለውን ምልክት ጻፉ። በምትኩ የጥቅስ ምልክት ከወጣ አንደኛው በአሜሪካ፣ ሌላው በእንግሊዝ የኪቦርድ አቀማመጥ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጉ።

የፊደላችን ነገር

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ይመስለኛል፤ እኛንም አንድ ሳምንት አስቁሞናል። ባለቤቴ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በእሱ ቢጽፍ ወደ ላፕቶፑ ምንም አይሄድም። ነገሩ ሲገባን ቀላል ነው፦ እንዲህ የተገናኘ ስልክ ለኮምፒውተር ፊደል አይልክም። የሚልከው «ይህኛው ቁልፍ ተነካ» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ቁልፉ ምን ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ አማርኛው መጫን ያለበት ስልኩ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

እኛ ላፕቶፑ ላይ Keyman የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከነአማርኛው ጫንን። አሁን ባለቤቴ ስልኩ ላይ በላቲን ቁልፎች `selam` ብሎ ሲነካ ቴሌቪዥኑ ላይ «ሰላም» ይላል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ሲፈልግ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የቋንቋ ምልክት በቀስቷ ይነካል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። መጀመሪያ ሰሞን በጻፈ ቁጥር «ጸላም» ይወጣበት ነበር። የስልኩ ኪቦርድ የዓረፍተ ነገርን መጀመሪያ ሳይጠየቅ ትልቅ ፊደል ያደርገዋል፤ በአማርኛው አጻጻፍ ደግሞ ትንሹ s ሰ ሲሆን ትልቁ S ጸ ነው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ Auto-capitalization የሚለውን ስናጠፋ ችግሩ ቀረ። ቃል እየገመተ የሚያርመውንም አብራችሁ አጥፉት፤ አማርኛውን እንግሊዝኛ መስሎት ያበላሸዋል።

ለአስታማሚዎች

ይህ ለሁሉም ሕመምተኛ አይሆንም። የባለቤቴ ችግር ምላሱና ከንፈሩ አለመታዘዛቸው ነው፤ ሐሳቡና ቃላቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ናቸው። ስትሮኩ ቋንቋውን ራሱን የነካበት ሰው ግን መናገር ሲያቅተው መጻፍም ሊያቅተው ይችላል። ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ በደህና እጁ ለቀላል ጥያቄ መልስ እንዲጽፍ አድርጉ። ቢያጣምመውም ቃሉ ትክክል ከሆነ ሞክሩት። ቃሉ ራሱ ከተምታታበት ግን ይህ መሣሪያ ብስጭት ይጨምርበታልና የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጠይቁ።

በአንድ እጅ መጻፍም ዘዴ አለው። ስልኩን በእጁ አያስይዙት። ጭኑ ላይ ትሪ አድርጉ፣ ትሪው ላይ እርጥብ ጨርቅ አጥፋችሁ አንጥፉ፣ ስልኩን አግድም አጋድማችሁ አስቀምጡ። እርጥቡ ጨርቅ አያንሸራትትም፤ ሲጋደም ደግሞ ቁልፎቹ ይሰፋሉ። ጨርቁ የሚንጠባጠብ እንዳይሆን ጨምቁት። ባለቤቴ ሩብ ሰዓት ከጻፈ በኋላ ስለሚሳሳት ያን ጊዜ እናሳርፈዋለን።

ርቀቱም ወሰን አለው። ብሉቱዝ በአንድ ክፍል ውስጥ እስከ 10 ሜትር ያህል ይሠራል፤ ወፍራም ግድግዳ መካከል ሲገባ ይቆራረጣል። ፊደል እየዘለለ ከመጣ ርቀቱን፣ ከዚያም የስልኩን ባትሪ ተመልከቱ። የላፕቶፑን ኪቦርድ ግን ለክፉ ቀን ተዉት፤ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚጠይቃችሁን በስልክ መመለስ አይቻልም።

ስለ ጥንቃቄም አንድ ነገር ልበል። በመተግበሪያው የምትጽፉት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የባንክ የይለፍ ቃል በዚህ አይጻፍ። ሳትጠብቁ የመገናኘት ጥያቄ ቢመጣም እሺ አትበሉ፤ ኮምፒውተሩን «ኪቦርድ ነኝ» ብሎ የተገናኘ ስልክ የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላልና።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ላፕቶፑ ሲጠራ እኔ ልነሳ ስል ባለቤቴ እጁን አነሳና አስቆመኝ። ቀስቷን ራሱ ወስዶ ጥሪውን ራሱ ተቀበለ። ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ለልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ ለልጃችን በፊደላችን። አንዷን ነገር ጽፎ ለመጨረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት፤ እዚያ ማዶም እዚህም ማንም አልተናገረም። ሲጨርስ እንዲህ ይል ነበር፦ «የዚያን ቀን እመጣለሁ አላልኩም። የእናቴን የአንገት መስቀል ለምርቃቷ አስቀምጬላታለሁ ነው ያልኩት።»

መስቀሉ የት እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር። ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ እንደገና መጻፍ ጀመረ።