አረጋውያን የሚያነቡት የሠርግ ጥሪ ካርድ፦ የፊደል ቅርጽ እንዴት ይመረጥ?

ጥር ሲቃረብ የማተሚያ ቤቶች ደጃፍ በሠርግ ደጋሾች ይሞላል። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ዳስ የሚጣልበት ወቅት ነው። ካርድ ለማሳተም የሚመጡት በአብዛኛው ሙሽሮቹና ሚዜዎቻቸው ስለሆኑ ናሙናውን የሚመርጡት የወጣት ዓይኖች ናቸው። ካርዱ የሚደርሳቸው ግን አያቶች፣ የንስሐ አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ጭምር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የታላቅ እኅቴ ሠርግ የተቆረጠው ለጥር 16 ቀን ነበር። በካርዱ ላይ ቀኑ በግዕዝ አኃዝ «ጥር ፲፮» ተብሎ ተጻፈ። ፊደሉ ቀጭን፣ ቀለሙ ወርቃማ፣ ወረቀቱም የሚያብረቀርቅ ነበር። የአያቴ ታላቅ ወንድም ቁጥሩን «፲፯» ብለው አነበቡት። ጋቢያቸውን ለብሰው ሙሽራዋን መርቀው ሊሸኙ ከገጠር የመጡት እኒህ ሽማግሌ የደረሱት ለመልሱ ሆነ። ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ዓይን ወሰዱት፤ እኔ ግን ካርዱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። በሃያዎቹ ዕድሜ ባለው ዓይኔ እንኳ ወደ መብራት አዘንብዬ ካላየሁት ፮ እና ፯ አይለዩኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊደላችን አሠራር ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡ ጭረቶችም ስላሉት አንባቢው ቃሉን በጥቅል ገጽታው ሊገምተው ይችላል። የእኛ ፊደል ግን ቁመቱ ተቀራራቢ ሲሆን ድምፁን የሚለየው እጅግ ትንሽ ምልክት ነው። «በ»ን እንውሰድ። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ሲጨመር «ቡ»፣ ጭረቱ ወደ ታች ሲወርድ «ቢ»፣ በጭረቱ ቦታ ቀለበት ሲገባ «ቤ» ይሆናል። «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» ደግሞ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለው ሰረዝ ነው። ስለዚህ ለአረጋውያን የሚሆን ፊደል ስንመርጥ መጠየቅ ያለብን ፊደሉ ያምራል ወይ ብለን ብቻ ሳይሆን ቀለበቱ ክፍት ነው ወይ፣ ጭረቱስ ርዝመት አለው ወይ ብለን ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ የማሳየት ኃይሉን ያጣል፤ ቀለሙም እየደበዘዘ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ደግሞ ከሚያብረቀርቅ ወረቀት የሚመለሰው ብርሃን ይበትንበታል። በዚህ ዓይን ሲታይ ቀጭኑ ጭረት ይጠፋል፤ የተጣበበው ቀለበትም ተደፍኖ «ቤ» እንደ «ቢ» ይነበባል።

በጽሕፈት ቤቶች ኮምፒዩተር ላይ ከሚገኙት የፊደል ቅርጾች ወይም በተለምዶ ፎንት ከሚባሉት መካከል Nyala አንዱ ነው። የብዕር አጣጣል ያለው፣ ወፍራምና ቀጭን መስመሮች የሚፈራረቁበት ውብ ፊደል ነው። ሆኖም በተመሳሳይ የመጠን ቁጥር ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጥ አንሶ ይታያል። Noto Sans Ethiopic በአንጻሩ የመስመሩ ውፍረት ተቀራራቢ ነው፤ በነፃም ይገኛል። ለካርዱ ዋና ጽሑፍ የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው። አንዳንዶች «የደብዳቤ ፊደል ይመስላል» ብለው ይንቁታል። እውነት ነው፣ ይመስላል፤ ደብዳቤ ግን ይነበባል። ያጌጠውን ፊደል የሚፈልግ ሰው የሙሽሮቹን ስም ብቻ በትልቁ ይጻፍበት። በዚያ መጠን ጌጡ ምንም አይጎዳም፤ እንግዳውም ስሙን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ፊደሉን ለማድመቅ ተብሎ የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ። Nyala የራሱ ወፍራም ቅርጽ ስለሌለው የB ምልክት ሲጫን ኮምፒዩተሩ ራሱ መስመሩን ያወፍረዋል፤ በዚህም ጊዜ ቀለበቶቹ ይደፈናሉ። Noto ግን ለየብቻ የተሠሩ ውፍረቶች አሉት። ፊደሉን ማዝመምም እንዲሁ ነው። በአብዛኞቹ የእኛ ፎንቶች ያዘመመ ቅርጽ ስላልተዘጋጀ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ያጋድመዋል።

መጠኑን በተመለከተ ለዋናው ጽሑፍ ከ14 ነጥብ አለመውረድ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ደግሞ 16 ወይም 18 ማድረግ ይበጃል። ፎንቶች በተመሳሳይ ቁጥር የተለያየ ቁመት ስላላቸው ቁጥሩን ብቻ ማመን አይገባም፤ የታተመውን በማስመሪያ ለክቶ ማነጻጸር የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ቅሬታ «አይበቃም» የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት የታናሽ እኅቴን ካርድ ስናዘጋጅ እኛንም ይኸው ገጠመን። ወረቀቱ 148 በ210 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤ5 ነበር። በግራና በቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ስንተው ለመስመሩ 118 ሚሊ ሜትር ቀረ። በ14 ነጥብ በአንድ መስመር የገባው ጥቂት ቃል ብቻ ነበር። ባለሙያው ወዲያው ፊደሉን ወደ 10 ሊያወርደው እጁን ሰደደ። እኛ ግን ቃላቱን ቀነስን። በመጀመሪያ ከላይ የነበረው ግጥም ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ የተጻፈው የወላጆች ስም አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፤ ከጽሑፉ ሥር እንደ ጥላ የተቀመጠው የሙሽሮቹ ፎቶግራፍም ወደ ጀርባው ገጽ ተዛወረ። የቀረው ጽሑፍ በ14 ነጥብ ተዝናንቶ ተቀመጠ፤ በመስመሮቹም መካከል ክፍተት ተረፈ።

ቀኑን «እሑድ ጥር 16 (፲፮) ቀን» በሚለው መልክ መጻፍ እመክራለሁ። የግዕዝ አኃዝ ወዳጆች አይከፉም፤ የቄስ ትምህርት ያልተማሩትም ይገባቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን የዕለቱ ስም እንደ መያዣ ያገለግላል። ቁጥሩን የተሳሳተ ሰው እሑድና ቀኑ ሳይገጥሙለት ሲቀር ቆም ብሎ ይጠይቃል። በታላቅ እኅቴ ካርድ ላይ «እሑድ» የሚለው ቃል አልነበረም።

ቀለሙ ጥቁር ወይም እጅግ የጠቆረ ቡናማ፣ ወረቀቱ ነጭ ወይም ክሬም ሆኖ የማያብረቀርቅ ቢሆን ይመረጣል። ወርቃማው ለጠርዙ ሐረግ ይበቃል። ሻካራ ወረቀት የሚመርጡም ይጠንቀቁ፤ ቀለም ሲመጠጥ ይንሰራፋል፣ ትንንሽ ቀለበቶችንም ይሞላል። በግብርና ኮሌጅ ሳለን በፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ ያለውን የመጠን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር እናነብ ነበር። የሠርግ እንግዳ ማጉያ ይዞ አይዞርም።

ብዙ ቅጂ ከመታተሙ በፊት ግን አንዲቱን ካርድ በእውነተኛው ወረቀት አሳትሞ ለአንድ አረጋዊ ማሳየት ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ማሳያ ላይ ማየት አይተካውም፤ ማሳያው ከጀርባው ብርሃን አለውና። ሙከራው ምሽት ላይ፣ በቤቱ በተለመደው መብራት ይሁን። «ይታያል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሽማግሌዎቻችን ሰው እንዳይቀየም «ይታያል ልጄ» ይላሉ። ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡልን እንለምናቸውና የሚያመነቱበትን ቦታ እናስተውል። ሳያቋርጡ የሚወጡት የለመዱት ቃል ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ «በአክብሮት ጠርተንዎታል» የሚለውን ሳያዩም ይሉታል። መፈተሻው ሊገመት የማይችለው ነው፤ ይኸውም ስም፣ ቁጥርና የቦታ ስያሜ ነው። ለምሳሌ «ጌጤነሽ» የሚለው ስም ሁለት ቀለበትና በ«ሽ» አናት ላይ ሰረዝ ስላለው ጥሩ መፈተኛ ነው።

የታናሽ እኅቴን ካርድ ናሙና የወሰድኩት ለእኒያው የአያቴ ታላቅ ወንድም ነበር። በክንዳቸው ርዝመት አርቀው ያዙት፣ የሙሽሮቹን ስም አነበቡ፣ ቀኑንም ሳያመነቱ ተናገሩ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ላይ ደርሰው ቆሙ። ባለሙያው እርሱን ብቻ በወርቃማ ቀለም ትቶት ነበር። በማግሥቱ ወደ ጥቁር አስቀየርነው።