አራት ሜትር ወሰንና አንድ የፍርድ ትችት

ፍርዱ የለም፤ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ክርክሩን ግን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ማሳቸው የሚዋሰን ሁለት አርሶ አደሮች አሉ። ከሳሽ «ጎረቤቴ ወሰን ገፍቶ 90 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው መሬቴን አርሶብኛል» ይላል። ተከሳሽ ደግሞ «ወሰናችን አባቶቻችን የተከሉት ድንጋይ ነው፤ እሱም ከቦታው አልተነቃነቀም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አላቸው። ኋላ በጂፒኤስ ተለክቶ የተሠራው ካርታ ግን መስመሩን ከድንጋዩ 4 ሜትር አሳልፎ ወደ ተከሳሽ ማሳ አስገብቶታል። የወረዳው ፍርድ ቤት ሽማግሌዎችን ሰማ፤ ድንጋዩ የቆየ መሆኑን መሰከሩ። ቢሆንም ካርታው ሥልጣን ባለው አካል የተሰጠ ሰነድ ነው በማለት፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195ን ጠቅሶ ለከሳሽ ፈረደ።

ለሕግ መጽሔት የሚጻፍ የፍርድ ትችት በዚህ አንቀጽ ቢጀምር ይበቃዋል። ክሱ በስንት ቀን እንደተከፈተ፣ ቀጠሮ ስንት ጊዜ እንደተዛወረ አላነሳሁም፤ ትችቱ የሚያርፍበት ነገር እዚያ የለምና። ካነበብኳቸው ትችቶች ብዙዎቹ ግማሽ ገጻቸውን መዝገቡን በመገልበጥ ይጨርሱና ለምክንያቱ ቦታ ያጣሉ።

ከዚያ የሚቀጥለው ፍርዱ የቆመበትን አንድ ምሰሶ መፈለግ ነው። በዚህ ፍርድ ምሰሶው ቁጥር 1195 ነው። ድንጋጌው የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለሀብትነት ማስረጃ በአስተዳደር ክፍል የተሰጠው ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ እንደሚገመት ይናገራል። ተከትሎት የሚመጣው ቁጥር 1196 ግን ግምቱ የሚፈርስበትን መንገድ ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ ሰነዱ ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ መሆኑ ሲረጋገጥ። ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን ዘሎታል። ችኩል ተቺ እዚህ ላይ «አገኘሁት!» ብሎ ይቆማል።

ጉዳዩ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ቁጥር 1195 የሚመልሰው «መሬቱ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች የተጣሉት በዚህ አይደለም፤ ሁለቱም ደብተር ስላላቸው ግምቱ ለሁለቱም እኩል ይሠራል። ጥያቄያቸው «የእኔ የት አልቆ የእሱ የት ይጀምራል?» የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ለአንዱ ጥያቄ የተጻፈ ሕግ አንስቶ ሌላውን መለሰበት። የትችቱ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ በመግቢያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ቀሪው ገጽ ሁሉ እሱን ማገልገል አለበት። የገጠር መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ «ባለሀብት» የሚለው ቃል ለአርሶ አደር ይሠራ እንደሆነ መጠየቅም ይቻላል። ጥያቄው ያጓጓል፤ እኔ ብሆን በግርጌ ማስታወሻ አልፈዋለሁ፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነውና።

ቀጥሎ ማስረጃው ይመጣል። በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል። ክርክሩ የተነሳበት መሬት ስፋት 4 ሜትር ነው። ፍርዱ በምን መሣሪያ እንደተለካ፣ በልኬታው ቀን ወሰኑን ማን እንዳሳየ፣ ተከሳሽ ቦታው ላይ ይኑር አይኑር አይናገርም። ተቺው «መሣሪያው ተሳስቷል» ቢል ከመዝገቡ ያላገኘውን መጨመሩ ነው፤ ያን ጊዜ ተቺ መሆኑ ቀርቶ የተከሳሽ ጠበቃ ይሆናል። ማለት የሚችለው ፍርዱ ይህን ሳያጣራ ምስክሮቹን መጣሉን ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182 ፍርድ ምክንያቱን እንዲይዝ ያዛልና ወቀሳው ሕጋዊ መሠረት አለው።

አሁን ለዳኛው መከራከር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጸሐፊ የሚሸሸውም ይህንን ነው። ማንኛውም ካርታ በሽማግሌ ቃል የሚፈርስ ከሆነ መሬት መመዝገቡ ምን ፋይዳ አለው? ድንጋይስ በሌሊት ይነቀል የለም ወይ? ይህን ክርክር ዳኛው ራሳቸው ካሰፈሩት በላይ አጠንክሮ መጻፍ ይገባል፤ ደካማ አድርጎ አቅርቦ መጣል አንባቢውን መናቅ ነው። መልሱ ካርታው ይጣል የሚል አይደለም። ካርታው ማስረጃ ሆኖ ይቆይ፤ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክምም በተከሳሽ ላይ ይሁን። ሸክሙን የሚያወርድበት በር ግን አይዘጋበት።

ስለዚህ ትችቱ «ፍርዱ ስህተት ነው» ብሎ አይዘጋም። መሬቱ በእርግጥ የከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱ የሰጠው ምክንያት ግን እዚያ አያደርስም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 132 ፍርድ ቤቱ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ሰው እንዲልክ ይፈቅዳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ድንጋዩ አጠገብ ቆመው፣ ባለሙያው ከእነሱ ፊት እንደገና ቢለካ፣ ዳኛው ስለ 4 ሜትሯ የሚጽፉት ሌላ ፍርድ ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ውጤቱ ያው ሆኖ።