የልጅ ልደት በቤት ሲደገስ ስንት ይፈጃል? ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ የልጅ ልደት የሚደግሱ ወላጆች ሒሳቡን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማባዛት ይጨርሱታል። የተጠሩት ልጆች 20 ከሆኑ፣ ለአንዱ ልጅ ይህን ያህል ብር ይበቃል ይሉና ያባዛሉ። ድግሱ ካለፈ በኋላ የወጣው ገንዘብ ከታሰበው እጥፍ ሲሆን ጥፋቱ በኑሮ ውድነት ይሳበባል። ኑሮው መወደዱ እውነት ነው፤ ግምቱን የሚያበላሹት ግን ብዙ ጊዜ ከገበያው ይልቅ ስሌቱ ውስጥ የገቡ ልማዳዊ እምነቶች ናቸው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። 6 ዓመት ለሚሞላት ልጅ እሑድ ቀን ቤት ውስጥ የሚደረግ ልደት ነው፤ 20 ልጆች ተጠርተዋል፣ ምግቡም ኬኩም በቤት ይሠራል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማስሊያ እንዲመቹ በድፍኑ የተያዙ ናቸው። እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ተኩአቸው፤ የአሠራሩ መንገድ አይለወጥም።

“የጠራነው 20 ልጅ ብቻ ነው”

ወደ ቤት የሚገባው ሰው 20 አይደለም። መጀመሪያ ባለ ልደቷና ወንድሟ አሉ፤ 22 ሆኑ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሲጠሩ ታናሽ ወይም ታላቅ ተከትሏቸው ይመጣል፤ “እሱን ብቻውን ትቼው ልምጣ እንዴ?” የምትል እናት ትክክል ናት። ለዚህ 5 ጨምሩ፣ ከታመመና ከቀረ ደግሞ 3 ቀንሱ፤ 24 ልጅ ይሆናል።

ከዚያ አዋቂዎቹ ይመጣሉ። የ6 ዓመት ልጅ በር ላይ ተትቶ አይኬድም፤ ከተጠሩት የግማሾቹ እናት፣ አባት ወይም ሞግዚት ይቀመጣል። ይህ 10 ሰው ነው። አያት፣ አክስቶች፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት ሲታከሉ አዋቂው 18 ይደርሳል። ስለዚህ የሚታሰበው 42 ሰው ነው እንጂ 20 አይደለም። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ አጃቢው በጣም ይቀንስ ነበር፤ የልጁ ዕድሜ ራሱ አንድ የወጪ መስመር ነው።

ከቁጥሩም በላይ ክብደት ያለው ሰዓቱ ነው። ጥሪው ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ ድግሱ መክሰስ ነው፤ ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ሻይና ቡና ይበቃል፣ ማንም አይቀየምም። ጥሪው 6 ሰዓት ከሆነ ግን ምሳ ነው፤ እንግዳን በሳምቡሳ መሸኘት በእኛ ባህል አይቻልም። ለ18 አዋቂ በነፍስ ወከፍ 200 ግራም ሥጋ ብናስብ 3.6 ኪሎ ነው፤ ኪሎው 1,000 ብር ከተያዘ 3,600 ብር። እንጀራው በሰው ሁለት ሁለት፣ 36 እንጀራ በ25 ብር 900 ብር ይሆናል። የሦስት ሰዓት ልዩነት 4,500 ብር አስከፈለ ማለት ነው፤ ለልጆቹ አንድም ነገር ሳይጨመር። በልደት ወጪ ላይ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ግን ሳይታሰብበት በስልክ መልእክት ላይ ይጻፋል። ምሳሌያችን 9 ሰዓት ላይ ነው።

“በቤት ከተሠራ ርካሽ ነው”

አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ሳምቡሳውን እንውሰድ። ለልጅ ሁለት፣ ለአዋቂ ሦስት ብናስብ 102 ሳምቡሳ ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ድፍን ምስር ተቀቅሎ ከሁለት ኪሎ በላይ ስለሚሆን ከ1 ኪሎ ዱቄት ጋር 60 ያህል ትንንሽ ሳምቡሳ ይወጣዋል። ስለዚህ 2 ኪሎ ምስርና 2 ኪሎ ዱቄት ይገዛል፤ 120 ያህል ይሆናል። ምስሩ 440፣ ዱቄቱ 220፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት 160፣ ቃሪያና ቅመም 80 ብር።

እስካሁን 900 ብር ነው፤ ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል። ዘይቱ ቀርቷል። ሳምቡሳው የሚጠጣው ዘይት ለ120ው ሁሉ 1 ሊትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በ1 ሊትር አይጠበስም፣ መጥበሻው መሙላት አለበት። 3 ሊትር ተገዝቶ 900 ብር ይወጣል። ያኔ አንዱ ሳምቡሳ 15 ብር ነው። የተረፈው ዘይት ሳይጠቁር ተጠልሎ ለወጥ ከዋለ 600 ብሩ የድግሱ ሳይሆን የወሩ አስቤዛ ይሆናል፣ የአንዱም ዋጋ ወደ 10 ብር ይወርዳል። ተቃጥሎ ከተደፋ ግን 15 ብሩ ይጸናል። ከውጭ የሚገዛው 25 ብር ከሆነ 102ቱ 2,550 ብር ስለሚያወጣ የቤቱ ትርፍ እንደ ዘይቱ ዕጣ ከ750 እስከ 1,350 ብር ነው። ለዚያ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ተቀምጦ ይጠቀልላል። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን የሚጠቀልለው ሰው ይወስን።

የምስር ሳምቡሳ ሌላም ጥቅም አለው። ልደቱ ዓርብ ወይም በጾም ወቅት ቢውል የሚጾመውም አዋቂ ይበላዋል፣ ሥጋው በማን ተባረከ የሚለው ጥያቄም አይነሳም። ሁለት ዓይነት ምግብ ከማዘጋጀት ያድናል፤ ይህ በወረቀት ላይ የማይታይ ቁጠባ ነው።

በዚህ ዓይነት ግዢ ሁለት ቁጥር መያዝ ይበጃል፤ የተገዛው ስንት ነው፣ ለድግሱ ያለቀው ስንት ነው። የመጀመሪያው በኪሳችን መኖር ያለበትን ገንዘብ ይነግረናል። ሁለተኛው ድግሱ በእርግጥ ስንት እንደፈጀ ይናገራል። ሰዎች በቤት ዋጋ ላይ የሚከራከሩት አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ስለሚጠራ ነው።

“ለዚህ ሁሉ ሰው ትልቅ ኬክ ያስፈልጋል”

ኬክ በዓይን ሳይሆን በቁራሽ ነው የሚለካው። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ 5 በ5 ሲቆረጥ 24 ቁራሽ ይወጣዋል፤ ሁለት ትሪ ጎን ለጎን ሲገጠም 48። ክብ ኬክ ግን ሲቆረጥ ቁራሹ ሾጣጣና ትልቅ ስለሚሆን ልጁ ግማሹን ትቶት ይሄዳል። ለብዙ ልጅ አራት ማዕዘን ይሻላል።

ለአንድ እንዲህ ያለ ትሪ 6 እንቁላል፣ 180 ግራም ስኳርና 180 ግራም ዱቄት ይበቃል። ለሁለቱ 12 እንቁላል በ20 ብር 240፣ ዱቄትና ስኳር 100፣ ቫኒላና ቤኪንግ ፓውደር 60፤ ለክሬሙ ግማሽ ኪሎ የገበታ ቅቤ 700፣ 1 ኪሎ ዱቄት ስኳር 200። ድምሩ 1,300 ብር ነው። ልብ በሉ፣ ከግማሽ በላዩ ክሬሙ ነው። “ኬኩን ቀንሱ” ከማለት “ክሬሙን አሳሱ” ማለት ይቀላል።

48 ቁራሽ እያንዳንዱ 60 ግራም ቢሆን ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ኬክ ቤቱ በኪሎ 1,000 ብር ከሸጠ 3,000 ብር ነው። ስለዚህ በቤት መሥራት በደንብ የሚያዋጣው ከምግቡ ይልቅ በኬኩ ነው፤ ብዙዎች ግን ተገላቢጦሹን ያደርጋሉ፣ ሳምቡሳውን በቤት ጠብሰው ኬኩን ያዛሉ። እርግጥ ኬኩን የሚያዙት ስለሚፈሩት ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። እንቁላሉ በደንብ ካልተመታ ወይም ኬኩ ሳይበስል ምድጃው ከተከፈተ መሐሉ ይሰምጣል፤ መብራት መሐል ላይ ከጠፋም እንዲሁ። መድኃኒቱ ቅዳሜ መጋገርና 6 ትርፍ እንቁላል፣ 120 ብር ማለት ነው፣ አስቀድሞ መያዝ ነው። አንድ ትሪ ቢበላሽ ሌላው አለ፤ አንድ ትልቅ ከመጋገር ሁለት ትንንሽ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ዳቦው በላስቲክ ተሸፍኖ ያድራል፣ ክሬሙ እሑድ ጠዋት ይቀባል።

“እንግዳ በግማሽ ቢቀነስ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል”

አይቀንስም። የቀረውን እንደምር። ለድፎ ዳቦ 3 ኪሎ ዱቄትና እርሾ 400 ብር። ለፈንዲሻና ከረሜላ 300። ለልጆቹ በትልቁ ጠርሙስ የተገዛ ለስላሳ 10 ሊትር ያህል 700፣ የሚጣል ብርጭቆ 250፣ ሻይ፣ ቡናና ስኳር 400። ለልጅ ሙሉ ጠርሙስ መስጠት አያስፈልግም፤ ግማሹ ፈሶ ግማሹ ተረስቶ ይቀራል። ከሳምቡሳው 1,800 እና ከኬኩ 1,300 ጋር በሰው ብዛት የሚለዋወጠው ወጪ 5,150 ብር ሆነ።

ማስዋቢያው ግን ሰው አይቆጥርም። ስምና ፎቶ ያለበት ባነር 800፣ 100 ፊኛ 500፣ መንፊያው 250፣ ሻማ፣ የጠረጴዛ ልብስና ማጣበቂያ 300፤ ይህ 1,850 ብር ነው፤ 5 ልጅ ቢመጣም 50 ቢመጣም ያው ነው። ለትራንስፖርትና ለማገዶ 500 ሲታከል ቋሚው 2,350 ይደርሳል። ጠቅላላ ድምሩ 7,500 ብር። እንግዳው ከ42 ወደ 21 ቢወርድ ተለዋዋጩ 2,575 ይሆናል፤ ከቋሚው ጋር 4,925። የግማሹ ሒሳብ 3,750 ይል ነበር። እንግዳ መቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ባነሩን ቢያስብ ይሻለዋል። በአፍ የተነፋ ፊኛ አየር ላይ አይንሳፈፍም፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ 40ው እንደ 100ው ክፍሉን ይሞላል።

ወጪው ሲጨምርም በእኩል አይጨምርም፤ በደረጃ ይዘላል። ከ42ኛው እስከ 48ኛው ሰው ኬኩ አንድ ሳንቲም አይጨምርም፣ ሳምቡሳውም ተርፏል። 49ኛው ሰው ሲመጣ ግን ሦስተኛ ትሪ ያስፈልጋል። “አንድ ሰው ምን ያመጣል?” የሚባለው እስከዚያ ድረስ ልክ ነው።

“ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምርበት”

በሁሉም ላይ እኩል መጨመር ባነሩንም በ10 በመቶ ማሳደግ ነው፤ ለማን ይጠቅማል? መጠባበቂያው እንዲያልቅ የማይፈለግና ርካሽ በሆነው ላይ ይደረግ። ግማሽ ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ ሲፈነዳ ወደ 20 ሊትር ዕቃ ይሞላል፤ ድንገት ለመጣ እንግዳ ከዚህ የረከሰ መያዣ የለም። ልደቱ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና ወይም ከፋሲካ አጠገብ ከሆነ ደግሞ እንቁላልና ቅቤ ስለሚወደዱ እነዚህን ቀድሞ መግዛት ወይም በዓል ሰሞን ያለውን ዋጋ መያዝ ያስፈልጋል። ግምታችሁን ስትጽፉ ዋጋውን የጠየቃችሁበትን ቀን ከጎኑ ጻፉ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነው የእንቁላሉን፣ የዘይቱንና የቅቤውን እንደገና ጠይቁ።