ካሜራው ፊት ቃል ሲጠፋ

እህቴ አብሲት መጣል የተማረችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ እናታችን ስትሠራ አጠገቧ ቆማ። ውጭ አገር ያለችው የወንድማችን ልጅ «እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ» ብላ ስትቸገርባት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጻ ልትልክላት አሰበች። ለሌላውም ሰው ይጠቅማል ብላ ዩቲዩብ ላይ ልትጭነውም ፈለገች። አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅታ ሁለት ቀን ሙሉ ሸመደደችው። ቀራጩ እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሸሸ። ቆመች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆመች። ብዙ ጊዜ ከሞከርን በኋላ ስልኩን ዝቅ አድርጌ «ለመሆኑ አብሲቱ ሳይበርድ ሊጡ ላይ ቢጨመር ምን ይሆናል?» አልኳት።

«እንዴ ጋሼ! ትኩሱን ከጨመርክማ እርሾውን ትገድለዋለህ። ጣትህን ስትነክረው ለብ ማለት አለበት» አለችኝ። አንድም ቃል አልጠፋባትም።

ችግሩ እዚህ ላይ ግልጽ ሆነልን። እህቴ አብሲትን ታውቃለች፤ የሸመደደችው ግን የዓረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተል ነው። በሽምደዳ የተያዘ ጽሑፍ እንደ መቁጠሪያ ክር ነው፤ እያንዳንዱ ቃል በፊተኛው ላይ ይንጠለጠላልና አንዱ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ ይበተናል። ተናጋሪው ስለ ሊጡ ማሰቡን ይተውና የጠፋውን ቃል መፈለግ ይጀምራል። ወደ ላይ የሸሸው ዓይን ያንን ፍለጋ ለተመልካቹ ያሳብቃል። መድኃኒቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ በጥቂት ቃላት የተያዘ ማስታወሻ፣ ወይም ጽሑፉን ስክሪን ላይ እያንሸራተተ የሚያስነብብ የቴሌፕሮምፕተር መተግበሪያ። እያንዳንዳቸው የሚጠቅሙበት ቦታ የተለያየ ነው።

ማስታወሻው፦ አምስት መስመር

ማስታወሻ ያጠረ ድርሰት አይደለም። ሥራው ነገሩን ማስታወስ ብቻ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን አፍ ራሱ ይሠራዋል። የእህቴ ገጽ በመጨረሻ ወደዚህ ወረደ፦

1. ዓይን አላወጣ አለሽ?
2. 1 ሊጥ፣ 3 ውሃ
3. ውሃው ሲንተከተክ
4. ለብ ሲል
5. ኩፍ ሲል

ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉት ቁጥሮች በቃል ከተያዙ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ በትክክል ተጽፈዋል፤ አንድ ብርጭቆ ሊጥ ለሦስት ብርጭቆ ውሃ ማለት ነው። ሌሎቹ መስመሮች የሥራው ምልክቶች ናቸው። «ለብ ሲል» የሚለውን ስታይ ጣት መንከሩም፣ የእርሾው መሞትም አብሮ ትዝ ይላታል። አንድ መስመር ከአራት ቃል በላይ ከሆነ ዓይን ማንበብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ማስታወሻነቱ ቀረ።

ወረቀቱን ጉልህ አድርገው ይጻፉና ከካሜራው ሌንስ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ልክ ከበላዩ ወይም ከሥሩ ይለጥፉት። አጠቃቀሙም ሥርዓት አለው። መስመሩን ዝም ብለው ያዩታል፤ ቀና ብለው ሌንሱን ያያሉ፤ ከዚያ ይናገራሉ። ወረቀቱን እያዩ መናገር አይገባም። በመካከል ያለው ዝምታ ሦስት ሴኮንድ ቢወስድም አያስጨንቅም፤ ቪዲዮው ሲታረም ይቆረጣል። የተቆረጠበት ቦታ ምስሉ ዘለል እንዳይል ደግሞ ድስቱን የሚያማስለውን እጅ ለብቻው ቀርጸው እዚያ ላይ ያስገቡት።

ማስታወሻ ድክመትም አለው። ንግግሩ ይረዝማል። እህቴ በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ደቂቃ ያሰበችውን አምስት ደቂቃ አደረሰችው። ስለዚህ አንዱን መስመር ለብቻው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተናግሮ አጭሩንና ጥሩውን መምረጥ ይሻላል።

ቃል በቃል መባል ያለበት ሲኖር

አንዳንድ ነገር ግን ቃሉ ሊዛነፍ አይገባም፤ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ ዋጋና አድራሻ፣ የውል ቃል፣ ወይም ተመልካቹን የሚይዘው የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር። ቴሌፕሮምፕተር የተፈለሰፈውም ለዚሁ ነበር። በ1950 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ሲቢኤስ በተባለው ጣቢያ ድራማ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ጽሑፉ ከካሜራው አጠገብ የሚጠቀለል ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበረው፤ ተናጋሪው ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲፈጥን ይፈጥናል። ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተመደበለት ፍጥነት ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ሠራተኛ ያደርግ የነበረውን አስቀድመው ማስተካከል የእርስዎ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ። እህቴ የጻፈችው እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «በዛሬው ዝግጅታችን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በተደጋጋሚ የሚቸገሩበትንና እንጀራ ዓይን እንዳያወጣ ከሚያደርጉ ምክንያቶች ዋነኛው የሆነውን የአብሲት አጣጣል ችግር በዝርዝር እንመለከታለን።» ይህ ለወረቀት የተጻፈ አማርኛ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስክሪኑ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሦስት ወይም አራት መስመር ብቻ ከሆነ፣ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሲጀምር መጨረሻው አይታየውም፤ ጥያቄ ይሁን፣ አሉታ ይሁን፣ ትእዛዝ ይሁን አያውቅም። ስለዚህ ድምፁን ለጥ አድርጎ ይዞ ይቆያል። ብዙ ጊዜ «ደረቅ ንባብ» የምንለው ከዚህ ይመጣል።

መፍትሔው ቀድሞ መናገር፣ ከዚያ መጻፍ ነው። ነገሩን ለአንድ ለሚያውቁት ሰው እንደሚያስረዱ ሆነው በስልክዎ ድምፅዎን ይቅዱ፤ የተናገሩትን ይገልብጡ፤ ድግግሞሹን ያውጡ። የእህቴ መክፈቻ በዚህ መንገድ «እንጀራሽ ዓይን አላወጣ አለሽ? አብሲት ሳትጥዪ ቀርተሽ ይሆናል። ነዪ ላሳይሽ» ሆነ። ከስድስት ቃል የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር የለውም፤ እያንዳንዱም በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይታያል። «ወገኖቻችን» የሚለው ወጥቶ «አንቺ» መግባቱም ድምፁን ለወጠው፤ ሌንሱ የወንድሟን ልጅ ፊት ሆነላት። አንቺም ይሁን እናንተ ወይም እርስዎ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው።

ሌላም የፊደላችን ጉዳይ አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «አልደረሰም» ማለት ነው። «ይበላል» ስንል በይው ሰውየው ሊሆን ይችላል፣ የሚበላው ምግብም ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ዓይን ወደፊት ቀድሞ ያየዋል፤ በሚንሸራተት ጽሑፍ ላይ ግን ምላስ ይሰናከላል። እንዲህ ያለውን ቃል በሌላ ይተኩት ወይም የሚጠብቀው ፊደል አጠገብ ምልክት ያድርጉ። ቁጥሩንም በሚናገሩበት መልክ በፊደል ይጻፉት።

ስልኩን ማስተካከል

በስልክዎ የመተግበሪያ መደብር `Teleprompter` ብለው ቢፈልጉ ብዙ ያገኛሉ። ጽሑፉንና የፊት ካሜራውን በአንድ ላይ የሚያሳየውን ይምረጡ። በስልክ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በዓይን አቅጣጫ ነው። ስልኩን ካቆሙት ሌንሱ ከላይ ነው፤ ጽሑፉ የስክሪኑ መካከል ላይ ከሆነ ዓይንዎ ወደ ደረት ያያል። ስልኩን ካጋደሙት ደግሞ ሌንሱ ወደ ጎን ስለሚሄድ ዓይንዎ ሌላ ሰው የሚያይ ይመስላል። ስለዚህ ስልኩ ይቁም፤ የጽሑፉ ሳጥን ከሌንሱ ሥር ተጠግቶ ይቀመጥ፤ አንድ መስመር ከሦስትና ከአራት ቃል አይብለጥ። መስመሩ ጠባብ ሲሆን ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ አይመላለስም።

ርቀትም ይረዳል። የሚያነቡት መስመር ከሌንሱ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ከግማሽ ሜትር ላይ ዓይንዎ ዝቅ ማለቱ በግልጽ ይታያል። ስልኩን ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቢያርቁት ያ ዝቅታ ወደ ሲሶው ይወርዳል፤ ተመልካቹም አያስተውለውም። ፊደሉን ያተልቁ፤ ስልኩንም በዓይንዎ ትይዩ መቆሚያ ወይም የመጻሕፍት ክምር ላይ ያድርጉት። ሲርቁ ግን የክፍሉ ማስተጋባት ድምፅዎን ስለሚውጠው ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ያስፈልጋል።

ፍጥነቱን በግምት አይወስኑ። ከጽሑፍዎ መቶ ቃል ቆጥረው በተለመደው አነጋገርዎ ድምፅ አውጥተው ያንብቡና ሰዓት ይያዙ። 75 ሴኮንድ ከፈጀብዎ ፍጥነትዎ በደቂቃ 80 ቃል ነው። ለእንግሊዝኛ የተሰጠ መለኪያ አይመራዎትም፤ አማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ስለሚያጭቅ ቃሎቻችን ይረዝማሉ። ትንፋሽዎ ካጠረ ጽሑፉ እያባረረዎት ነው፤ የቃላቱን መጨረሻ መጎተት ከጀመሩ ደግሞ እየጠበቁት ነው። ድምፅ እየሰማ የሚከተል መተግበሪያ ካገኙም አማርኛ መስማቱን አስቀድመው ይሞክሩት።

ማንበብዎ ይታወቅ እንደሆነ

ከተቀረጸ በኋላ ሁለት ፈተና ያድርጉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ምስሉን ብቻ ይዩ። ዓይኑ ይመላለሳል? ጭንቅላቱ ተተክሎ ቀርቷል? እንዲህ ከሆነ ስልኩን ያርቁ፣ መስመሩን ያጥብቡ። ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ይስሙ። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሁሉ በአንድ ዜማ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ጽሑፉ ነውና ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥሩ፤ ወይም ያንን ክፍል ወደ ማስታወሻ ይመልሱት።

እህቴ በመጨረሻ ሁለቱንም ተጠቀመች። መክፈቻውን ከቴሌፕሮምፕተር አነበበች፤ ውሃው ሲንተከተክ፣ ቀጥኖ የተበጠበጠው ሊጥ እየተማሰለ ሲጨመር፣ ወፍሮ ሲወጣና ለብ ሲል፣ ወደ ዋናው ሊጥ ተመልሶ ኩፍ እስኪል ያለውን ግን ድስቱ አጠገብ ቆማ አምስቱን መስመር ብቻ እያየች ተናገረች። የወንድማችን ልጅ ቪዲዮውን አይታ የላከችው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እዚህ ብርድ ነው፤ ኩፍ ለማለት ስንት ሰዓት ልጠብቀው?» እህቴም ወረቀቷን አዙራ ስድስተኛ መስመር ጻፈች፦ «ብርድ ሲሆን»።