የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ሲገባ

አንድ ወዳጄ የሠራውን ቃለ መጠይቅ እንዳስተካክልለት ሁለት ፋይል ላከልኝ፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የእንግዳው ማይክ የቀዳው ነው። ለየብቻ ሲደመጡ ደህና ናቸው። አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን የወዳጄ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የእንግዳውን ትራክ ስዘጋው የወዳጄ ድምፅ ወዲያው ሞላ ብሎ ተመለሰ። ድምፁ በእንግዳው ማይክም እንደገባ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ሁለቱም ደረታቸው ላይ የሚሰካ ማይክ አድርገው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የወዳጄ አፍ ከራሱ ማይክ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከእንግዳው ማይክ 1 ሜትር ያህል ይርቃል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ያው ቃል እንግዳው ማይክ ላይ ከሁለት ሺኛ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮ ይህን እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ አይሰማውም፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን አንዳንዱ ንዝረት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ድምፁም ይሰልላል።

ርቀቱ አምስት እጥፍ ስለሆነ ሾልኮ የገባው ድምፅ በ14 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ያን ያህል ከሆነ ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን እንግዳው ለስላሳ ተናጋሪ ስለነበሩ ወዳጄ የእሳቸውን ትራክ በ8 ዴሲቤል ከፍ አድርጎታል። አብሮ የራሱም ድምፅ ከፍ አለ፤ ልዩነቱ ወደ 6 ወረደ። ነገሩን ያበላሸው ይህ ነው።

በመጀመሪያ የሞከርኩት በአውዳሲቲ ውስጥ ያለውን Noise Gate ነው፤ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ልዩነቱ ጠባብ ስለነበር ወዳጄ ሲስቅ በሩ ይከፈታል፣ እንግዳው ዝግ ብለው ሲናገሩ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ ይቆርጣል። ስለዚህ በእጄ ሠራሁት። ወዳጄ በሚናገርበት ቦታ ሁሉ የእንግዳውን ትራክ በ12 ዴሲቤል ዝቅ አደረግሁ። ጨርሼ አልዘጋሁትም፤ የክፍሉ አየር ብቅ ጥልቅ ሲል ከሾለከው ድምፅ ይልቅ ያስጠላል። እሳቸው «እህ» ወይም «አዎን» ያሉበትን ተውኩት፤ ያለዚያ ወዳጄ ለግድግዳ የሚያወራ ይመስላል። ትራኩ ወደ ቦታው የሚመለሰውም እንግዳው ከመጀመራቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ፊደል ይበላል። ድምፅ የሚያመጣጥነውን ኮምፕሬሰር የጨመርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ዝቅተኛውን ድምፅ መልሶ ያነሳዋል።

ሁለቱ እኩል የተናገሩባቸው ቦታዎች ግን እንዳሉ ቀርተዋል። እዚያ አንዱን ትራክ ዝቅ ማድረግ ሰውየውንም አብሮ ማጥፋት ነው።

እንግዳችሁ ለስላሳ ተናጋሪ ከሆኑ ትራኩን በኋላ ከማጉላት ማይኩን አስቀድማችሁ አስጠጉላቸው፤ ከ20 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ 6 ዴሲቤል ያህል ይገኛል።